የዳሰሳ ጥናት ሪፖርት አነባበብ፦ ከ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተወሰደ ምሳሌ

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2008 ዓ.ም. (2016 እ.ኤ.አ.) ባካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ ባል ሚስቱን መምታቱ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ በተመሳሳይ ዕድሜ የሚገኙ ወንዶች ግን 28 በመቶ ናቸው። ውጤቱ ብዙ አንባቢን የሚያስገርም እንደመሆኑ፣ ከመጠቀሱ በፊት ሊመረመር ይገባል።

በቅድሚያ የሚታየው የምላሽ መጠን ነው። ለቃለ መጠይቅ ብቁ ከነበሩት 16,583 ሴቶች 15,683ቱ ምላሽ ሰጥተዋል፤ ይህም 95 በመቶ ገደማ ነው። ከ14,795 ወንዶች መካከል ግን የተጠየቁት 12,688 ወይም 86 በመቶ ብቻ ናቸው። ያልተገኙት ወይም ፈቃደኛ ያልሆኑት 2,107 ወንዶች ምን ይሉ እንደነበር አይታወቅም። የወንዶቹ ናሙና እስከ 59 ዓመት ያሉትን ስለሚጨምር ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም፣ ያልተጠየቁት ሁሉ «ተገቢ ነው» ብለው ነበር ብለን ብናስብ እንኳ የወንዶቹ ድርሻ ከ28 ወደ 38 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል እንጂ ወደ ሴቶቹ አይደርስም። ስለዚህ በሁለቱ ጾታዎች መልስ መካከል የታየውን ልዩነት ምላሽ ባልሰጡት ሰዎች ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የጥያቄው አቀራረብ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተጠያቂዎች የቀረቡላቸው አምስት ሁኔታዎች ናቸው፦ ሚስት ለባሏ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ ብትከራከረው፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት እምቢ ብትል ወይም ምግብ ብታሳርር። ከአምስቱ ለአንዱ ብቻ አዎንታዊ መልስ የሰጠችም፣ ለሁሉም የሰጠችም በ63 በመቶው ውስጥ እኩል ትቆጠራለች። በሪፖርቱ ሠንጠረዥ የየምክንያቱ ድርሻ ለየብቻው የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ጥቅሉን አኃዝ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ልዩነት አያየውም።

ከዚህም በላይ የተጠየቀው አስተያየት እንጂ ድርጊት አይደለም። በትዳር ውስጥ የደረሰ ጥቃት በዚሁ ጥናት በሌላ ክፍል፣ በተለዩ ጥያቄዎች ተጠንቷል። ወንዶች ለመጠይቅ አድራጊ ፊት ለፊት ሲመልሱ ያመኑበትን ይናገሩ ወይም ተቀባይነት ያለውን ይምረጡ፣ ከመልሱ ብቻ መለየት አይቻልም።

እንግዲህ «አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያት መመታትን ይደግፋሉ» ወይም «ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ጥቃትን ይቃወማሉ» የሚሉ ድምዳሜዎች ከመረጃው አልፈው ይሄዳሉ። መረጃው የሚፈቅደው አገላለጽ የሚከተለው ነው፦ በ2008 ዓ.ም. ከተጠየቁት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል፣ ከተዘረዘሩት አምስት ሁኔታዎች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ብለው የመለሱት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ናቸው።