በኑዛዜ ስጦታ ላይ የሚጣል ሁኔታ መቼ ይጸናል? መቼስ ይፈርሳል?

አንድ ተናዛዥ ንብረቱን ለልጁ ወይም ለሌላ ሰው ሲተው «ትምህርቱን ከጨረሰ» ወይም «እንዲህ ያለች ሴት ካገባ» የሚል ሁኔታ ሊጨምር ይችላል። ብዙ የዓለም ሕጎች ይህን ይፈቅዳሉ፤ ሆኖም ተናዛዡ የጻፈው ሁሉ አይጸናም። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ በጉልህ የሚያሳዩት፣ አንዱ በእንግሊዝ ሌላው በአሜሪካ የተሰጡ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። በሁለቱም ጉዳዮች አባቶች ልጆቻቸው አይሁዳዊ የትዳር ጓደኛ እንዲይዙ በኑዛዜያቸው ጠይቀዋል። የመጀመሪያው ሁኔታ ፈረሰ፤ ሁለተኛው ጸና።

ውሳኔዎቹን ለመረዳት ሁለት ዓይነት ሁኔታዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ተጠቃሚው ንብረቱን ከመውሰዱ በፊት መፈጸም ያለበት ነው፤ ካልተፈጸመ ስጦታው አይደርሰውም። ሁለተኛው ተጠቃሚው ንብረቱን ከያዘ በኋላ የሚሠራ ሲሆን፣ የተከለከለውን ካደረገ ያገኘውን ያጣል።

የእንግሊዙ ጉዳይ ከሁለተኛው ዓይነት ነበር። አባት ለልጁ በተወው ስጦታ ላይ፣ ልጅቱ «ከአይሁድ ወላጆች ያልተወለደና የአይሁድ እምነት የሌለው» ሰው ካገባች ስጦታውን እንድታጣ ጽፎ ነበር። እርሷም አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው አገባች። የአገሪቱ ከፍተኛ የይግባኝ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1943 ሁኔታውን ፈራሽ አደረገው። ምክንያቱ የአባትየው ፍላጎት ነውር መሆኑ ሳይሆን ቃሉ ግልጽ አለመሆኑ ነው። ሁለቱም ወላጆች አይሁድ መሆን አለባቸው ወይስ አንዱ ይበቃል? ኑዛዜው አልመለሰውም። አንድ ሰው በእጁ የገባውን ንብረት የሚያጣበት ምክንያት ከመጀመሪያው በማያሻማ ሁኔታ መታወቅ አለበትና፣ ሁኔታው ተሰርዞ ስጦታው ለልጅቱ ጸና።

የአሜሪካው ጉዳይ በኦሃዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1974 ተወሰነ። አንድ ሐኪም ለወንድ ልጁ ድርሻ ሲተው፣ ልጁ ሁለቱም ወላጆቿ አይሁድ የሆኑ አይሁዳዊት ልጃገረድ እንዲያገባ በቅድሚያ ጠይቋል። አባቱ ሲሞት ልጁ ገና አላገባም ነበር። ኑዛዜው ለዚህ 7 ዓመት ሰጥቶ፣ እስከዚያ ገንዘቡ በባንክ እንዲቆይ፣ ጊዜው ካለፈም ለእስራኤል መንግሥት እንዲሰጥ አዝዟል። የ21 ዓመቱ ተማሪ ሁኔታው የማግባት ነፃነቴን ይገድባል ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን የፈለጋትን ከማግባት የከለከለው እንደሌለ፣ በግዛቱ ሕግም አባት ልጁን ፈጽሞ ሳያወርስ መቅረት እንደሚችል ገልጾ ሁኔታውን አጸና። የሚመርጣት ሴት በሚኖርበት ከተማ ብዙ ባትገኝ እንኳ ሌላ ቦታ ሄዶ ለመፈለግ 7 ዓመት በቂ ነው ብሏል።

ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። የኦሃዮው ኑዛዜ «ሁለቱም ወላጆች» ብሎ ለይቷል፤ የጊዜ ገደብ አለው፤ ሁኔታው ካልተፈጸመ ንብረቱ ለማን እንደሚሄድም ይናገራል። ቢሆንም ግልጽነት ብቻውን ሁኔታን አያድንም። በእነዚህ አገሮች የሕግ ልማድ ሰው ጭራሹን ጋብቻ እንዳይፈጽም ለመከልከል ወይም ባልና ሚስትን ለማፋታት ታስቦ የተጻፈ ሁኔታ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ግልጽ ቢሆን፣ በመርህ ደረጃ ይፈርሳል። ወንጀል እንዲፈጸም የሚያዝም እንዲሁ።

ትምህርትን የሚመለከት ሁኔታ ሕግን ስለማይጻረር ብዙውን ጊዜ ይጸናል። ችግር የሚነሣው ከአጻጻፉ ነው። «ትምህርቱን ሲጨርስ ቤቱን ይውሰድ» የሚል ኑዛዜ 12ኛ ክፍልን ይሁን ዲፕሎማን ወይም ዲግሪን አይለይም። ልጁ በ40 ዓመቱ ቢመረቅስ? እስከዚያ የቤቱን ኪራይ ማን ይሰበስባል? «እስከ 28 ዓመቱ ድረስ ዲፕሎማ ካገኘ ቤቱ የእርሱ ይሁን፤ እስከዚያ ኪራዩን እናቱ ትውሰድ፤ ካላገኘ ቤቱ ለእህቱ ይተላለፍ» ቢባል ግን ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው።

በኢትዮጵያ ኑዛዜ የሚታየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ሕግን የሚጻረር የኑዛዜ ቃልም ውጤት የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ስለዚህ «ልጄ 16 ዓመት ሲሞላት ከተዳረች ላሞቹን ትውሰድ» የሚል ቃል ሕግ የከለከለውን ጋብቻ ስለሚጠይቅ ተፈጻሚ ሊሆን አይችልም።

ሁኔታ ፈረሰ ማለት ሁልጊዜ ተጠቃሚው ስጦታውን ያገኛል ማለት አይደለም። በእንግሊዝ የሕግ ልማድ ንብረት ከተያዘ በኋላ የሚሠራ ሁኔታ ሲፈርስ ስጦታው ነፃ ሆኖ ይቀጥላል። በመሬትና በቤት ላይ የተጣለ የቅድሚያ ሁኔታ ሲፈርስ ግን ስጦታውም አብሮ ይወድቃል። ተናዛዡ ሁኔታው ባይጸና ምን እንዲሆን እንደሚፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር፣ ወራሾቹ ይህን በፍርድ ቤት ከመከራከር ይድናሉ።