ዕድሜ ያልተጻፈበት መሰላል፦ የታነር ደረጃዎች ታሪክ

አንድ የሰባተኛ ክፍል አስቡ። ተማሪዎቹ ሁሉ 13 ዓመት ገደማ ናቸው። አንደኛው ልጅ ድምፁ ጎርንኗል፣ በቁመት አስተማሪውን ሊደርስበት ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ታዲያ ሰውነትን ብቻ አይቶ «ይህ ልጅ ዕድሜው ይህን ያህል ነው» ማለት ይቻላል? ጥያቄው ፍርድ ቤትና የስደተኞች ቢሮ ድረስ የሄደ ነው። መልሱን ለማግኘት መለኪያው እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

መለኪያው የታነር ደረጃዎች ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው የሕፃናት እድገት ተመራማሪ ጄምስ ታነር ነው። ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታነርና የሥራ ባልደረባው ሬጂናልድ ዋይትሃውስ ከለንደን በስተሰሜን ባለችው ሃርፐንደን ከተማ፣ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆችን እድገት ይከታተሉ ነበር። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ያንኑ ልጅ በየጊዜው እየጠሩ ቁመቱን መለካት፣ ክብደቱን መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ይህንንም ለዓመታት መቀጠል። እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበት ቀን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን ነጥብ ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ታነር ከእርሱ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎችን ሥራ መነሻ አድርጎ የጉርምስናን ለውጥ በአምስት ደረጃ ከፈለው። 1ኛው ገና ምንም ለውጥ ያልታየበት የልጅነት ጊዜ ነው። 2ኛው የመጀመሪያው ምልክት የሚታይበት፣ 5ኛው ደግሞ ሰውነቱ የአዋቂ ሰው ቅርፅ የያዘበት ነው። ሐኪሙ የሚያየው በሴቶች የጡትን፣ በወንዶች የብልትን እድገት፣ በሁለቱም የጸጉርን አበቃቀል ነው። በ1969 ታነርና ዊልያም ማርሻል የ192 ሴት ልጆችን፣ በ1970 ደግሞ የ228 ወንድ ልጆችን ውጤት አሳተሙ።

እስቲ የወንዶቹን ቁጥር እንይ። ወደ 2ኛው ደረጃ የገቡት በአማካይ በ11.6 ዓመታቸው ነው። አማካይ ግን ብቻውን ያሳስታል። ከመቶ ልጆች 95ቱን የሚይዘው ክልል ከ9 ዓመት ተኩል እስከ 14 ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይዘረጋል። ወደ 5ኛው ደረጃ የደረሱት ደግሞ በአማካይ በ14.9 ዓመታቸው ሲሆን፣ ክልሉ ከ13 ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ 17 ዓመትን በጥቂቱ ያልፋል። ፍጥነቱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከ2ኛው ተነስቶ 5ኛው ለመድረስ ሁለት ዓመት ገደማ ሲበቃው፣ ሌላው አምስት ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ማርሻልና ታነር ራሳቸው ልጆቹ በማሳደጊያ ያደጉ ስለሆኑ የአገሪቱን ልጆች በሙሉ ላይወክሉ ይችላሉ ብለው አስጠንቅቀዋል።

ይህ መሰላል በትክክለኛው ቦታው ጥሩ መሣሪያ ነው። ሐኪሙ የልጁን ዕድሜ አስቀድሞ ያውቃል፤ ደረጃውን አይቶ ከእኩዮቹ ጋር ያነጻጽራል። አንድ ወንድ ልጅ 14 ዓመት ሞልቶት ምንም ምልክት ካልታየበት ወይም አንዲት ሴት ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላት ለውጡ ከጀመራት፣ ምክንያቱን ለማወቅ ምርመራ ይታዘዛል። ስሌቱ ከዕድሜ ወደ ደረጃ ነው የሚሄደው። ዕድሜ የሚገባ መረጃ እንጂ የሚወጣ ውጤት አይደለም።

ችግሩ የመጣው ሰዎች ስሌቱን ወደ ኋላ ለማዞር ሲሞክሩ ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። የልደት ወረቀት የሌለው ወጣት «16 ዓመቴ ነው» ይላል እንበል። ሐኪም አይቶት 5ኛው ደረጃ ላይ ነው አለ። መርማሪው «ሰውነቱ የአዋቂ ነው፣ ስለዚህ ከ18 በላይ ነው» ቢል ልክ ነው? በሃርፐንደኑ አማካይና ስርጭት ብናሰላ፣ 15 ዓመት ከሞላቸው መቶ ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 5ኛው ደረጃ ላይ ደርሰዋል። በ16 ዓመት 84 ያህሉ ደርሰዋል። በ25 ዓመትማ ሁሉም እዚያው ናቸው። ስለዚህ «5ኛ ደረጃ» የሚለው ውጤት የ16 ዓመቱንም የ25 ዓመቱንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። የወጣቱን ቃል አያረጋግጥም፣ ግን ጨርሶ አያፈርሰውም።

ነገሩ ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ሮቶ ነው። ሮቶው ሞልቶ ካገኛችሁት ውሃው ከአንድ ሰዓት በፊት ይሙላ ወይ ከሳምንት በፊት፣ ከመሙላቱ ብቻ አታውቁም። ግማሽ ላይ ካገኛችሁትም ቧንቧው መቼ እንደተከፈተና ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ማወቅ ያስፈልጋችኋል። በሰውነት ደግሞ ሁለቱም ከልጅ ልጅ ይለያያሉ። ዘር አለበት፣ ምግብ አለበት፣ ሕመም አለበት። ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ያላገኘ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ልጅ ጉርምስናው ይዘገያል። እንዲህ ያለውን ልጅ በእንግሊዝ ልጆች አማካይ ብትለኩት ከእውነተኛ ዕድሜው በታች ትገምቱታላችሁ።

የታችኞቹ ደረጃዎችስ? እነሱ ትንሽ ይናገራሉ። 2ኛው ደረጃ ላይ ያለ ልጅ 20 ዓመት ይሆናል ተብሎ አይጠበቅም፤ ሆኖም መዘግየት ስላለ ይህም ማረጋገጫ አይሆንም። ከላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ አንዳንድ ሴቶች አዋቂ ከሆኑ በኋላም 4ኛው ደረጃ ላይ ይቀራሉ፣ ወደ 5ኛው አይሻገሩም። «4ኛ ደረጃ ላይ ስለሆነች ልጅ ናት» የሚለውም አያስኬድም ማለት ነው።

ይህ ወጥመድ አሜሪካ ውስጥ እውነተኛ ክስ ላይ ደረሰ። ከልጆች ወሲባዊ ጥቃት ጋር በተያያዙ ጉዳዮች፣ በምስል ላይ የሚታይ ሰው ከ18 ዓመት በታች መሆኑን ባለሙያዎች በታነር ደረጃ ለፍርድ ቤት ይመሰክሩ ጀመር። በ1998 የሆርሞን ሐኪሙ አርላን ሮዘንብሉምና ራሱ ታነር አንድ ላይ ሆነው ፔዲያትሪክስ ለተባለው የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፉ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ደረጃዎቹ ዕድሜን ለመገመት አልተሠሩም፣ ለዚያ ማዋልም ስህተት ነው። የመሰላሉ ባለቤት በሕይወት እያለ «መሰላሌን ለዚህ አትጠቀሙበት» አለ ማለት ነው። እንዲህ ሲባል ጥፋተኛ ይለቀቅ ማለት ግን አይደለም። ዕድሜ በልደት መዝገብ፣ በትምህርት ቤት ሰነድ ወይም በምስክር መረጋገጥ አለበት ማለት ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ የልደት ወረቀት የላቸውም። ብቻውን አውሮፓ የገባ ወጣት «ልጅ ነህ ወይስ አዋቂ?» ሲባል፣ የሚያርፍበት ቤት፣ ትምህርት ቤቱና ጠባቂ የሚመደብለት መሆኑ በመልሱ ይወሰናል። የአውሮፓ ኅብረት የጥገኝነት ጽሕፈት ቤት በ2018 ባወጣው መመሪያ ለዕድሜ ምርመራ ልብስ ማስወለቅና የብልት አካላትን ማየት እንዳይሠራበት አሳስቧል። ምክንያቱ የልጁ ክብር ነው። ከሃርፐንደን ቁጥሮች እንዳየነው ግን ምርመራው ክብርን ነክቶም ቢሆን የተፈለገውን መልስ አይሰጥም።

የሃርፐንደን ተመራማሪዎች ስለ ጉርምስና ይህን ሁሉ ማወቅ የቻሉት የእያንዳንዱ ልጅ የልደት ቀን በእጃቸው ስለነበረ ነው። መዝገቡን ብታነሱት፣ መሰላሉ ልጁ እስከ ስንተኛው እርከን እንደወጣ ብቻ ይነግራችኋል። መቼ መውጣት እንደጀመረና ጫፉ ላይ ስንት ዓመት እንደቆመ ግን እርከኑ ላይ አልተጻፈም።