ደሙ በስኳር ተሞልቶ የተራበው ልጅ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1922፣ ካናዳ፣ ቶሮንቶ። ታዳጊው ሊዮናርድ ቶምፕሰን በስኳር በሽታ ከስቶ ክብደቱ 30 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ደሙ በስኳር ተሞልቷል፤ ሰውነቱ ግን ተርቧል።

ለምን? ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ስኳር ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እንዲገባ በር ይከፍታል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ውሃ ይዞ በሽንት ይወጣል። የተራበው ሰውነት ስቡን ሲያቃጥል ደግሞ ኪቶን የተባለ አሲድ ደሙን ይመርዘዋል።

ጃንዋሪ 11 ከከብት ቆሽት የተዘጋጀ ኢንሱሊን ተወጋ፤ በደንብ ስላልተጣራ ብዙም አልረዳውም። ጃንዋሪ 23 የተጣራው ሲሰጠው ስኳሩ ወረደ፣ ኪቶኑም ጠፋ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

ልጅዎ ውሃ እያበዛ፣ ሽንት እየተመላለሰ ከከሳ በዚያው ቀን የደም ስኳሩን ያስለኩ።