«ዳግም ምጠት» ይቅር፤ ሶዲየም ይመለሳል፣ ውኃ ይሰርጋል

ለሁለተኛ ዓመት የፊዚዮሎጂ ክለሳ ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ የፍሰት ሥዕል አለ። ኔፍሮኑ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል፤ ከየክፍሉ አንዳንድ ወፍራም ቀስት ወደ ደም ወጥቶ በሁሉም ላይ «ዳግም ምጠት» ተብሎ ተጽፏል። ሪአብዞርፕሽን ለማለት ነው። ቃሉ ለጆሮ መክበዱን ልተወው (የማዋለጃ ክፍል ሰው ሲሰማው ምጥ የተደገመ ይመስለዋል)። የሚያናድደኝ ተማሪውን የተሳሳተ ቀስት እንዲስል ማድረጉ ነው።

ከ«ዳግም» እንጀምር። ዳግም ያልነው ነገር አስቀድሞ አንድ ጊዜ የሆነ መሆን አለበት። ዳግም ትንሣኤ የምንለው ትንሣኤ ስለቀደመ ነው። ኩላሊት ውስጥ ግን የቀደመ ምጠት የለም። የቃሉ ጠበቆች «የመጀመሪያው አንጀት ላይ ነው» ይላሉ። ይህ ለክርክር እንጂ ለሥዕል አይሆንም፤ ሥዕሉ ላይ አንጀት የለም። እዚያ ያለው ከደም ተጣርቶ ወደ ቱቦ የወረደ ፈሳሽ ነው፤ አብዛኛውም ወደ ወጣበት ይሄዳል። ወደ ወጡበት መሄድን አማርኛ ከጥንት ጀምሮ መመለስ ይለዋል።

መጠንን ስናይ ደግሞ ቃሉ ይበልጥ ይስማማል። በጤነኛ ጎልማሳ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጣራል። በሊትር 140 ሚሊሞል ሶዲየም ስላለ በድምሩ 25,200 ሚሊሞል ይሆናል፤ በገበታ ጨው ብንመነዝረው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ። በሽንት የሚወጣው ከዚህ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሌላው ሁሉ ተመላሽ ነው።

«ምጠት» ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን ከ«ዳግም» ይብሳል። መጠጠ ስንል የሚስብ አፍ አለ፤ ያ አፍ ያገኘውን ሁሉ፣ ውኃውንም በውስጡ የሟሟውንም አንድ ላይ ይስባል። ስፖንጅ ጨዋማ ውኃ ሲመጥ ጨውን ለብቻ፣ ውኃን ለብቻ አይለይም። የኩላሊት ሥራ ሁሉ ግን በመለየት ላይ የቆመ ነው። የቱቦው ሕዋስ በደም በኩል ባለው ፓምፕ ኃይል እያወጣ ሦስት ሶዲየም ይገፋል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። በዚህ ምክንያት በሕዋሱ ውስጥ ሶዲየም ስለሚያንስ፣ በቱቦው በኩል ያለው ሶዲየም በተለያዩ ተሸካሚዎች እየታጀበ ይገባል። ውኃ ፓምፕ የለውም። ጨው ወደ በዛበት፣ በር ካገኘ ብቻ ሾልኮ ይሄዳል። ለዚህ ደግሞ ከ«ሰረገ» የተሻለ ግሥ አላውቅም፤ ውኃ መሬት ውስጥ ሲገባ ሰረገ እንላለን፣ ማንም አልሳበውም።

ስለዚህ አንድ ቃል ሳይሆን ሁለት ያስፈልጉናል፦ ለሶዲየም ምልሰት፣ ለውኃ ስርገት። በሥዕሉም ለሁለቱ የየራሳቸው ቀስት ይወጣል። ከተጣራው 100 እጅ ተነስተን በቱቦው ውስጥ የሚቀረውን ብንጽፍ፣ በመጻሕፍት መካከል ጥቂት ልዩነት ቢኖርም፣ እንዲህ ይሆናል፦

ማጣሪያ፦ ሶዲየም 100፣ ውኃ 100
↓ ቅርብ ቱቦ (ምልሰት 67፣ ስርገት 67)
ሶዲየም 33፣ ውኃ 33
↓ የሄንሌ ቀለበት ወራጅ ክንድ (ስርገት 15 ብቻ)
ሶዲየም 33፣ ውኃ 18
↓ የቀለበቱ ወጪ ክንድ (ምልሰት 25 ብቻ)
ሶዲየም 8፣ ውኃ 18
↓ ሩቅ ቱቦ (ምልሰት 5)
ሶዲየም 3፣ ውኃ 18
↓ ሰብሳቢ ቱቦ (ሁለቱም በሆርሞን ትእዛዝ)
ሽንት

ቅርብ ቱቦ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስለሚወርዱ «ምጠት» ጉዳት የሌለው ይመስላል። ሶዲየሙ ይመለሳል፣ ውኃው ወዲያው ይከተለዋል፣ የቀረው ፈሳሽ እንደ ደሙ 290 ገደማ ኦስሞላሊቲ ይዞ ይዘልቃል። ስህተቱ የሚጋለጠው ቀለበቱ ላይ ነው። ወራጁ ክንድ ለውኃ ክፍት፣ ለሶዲየም ዝግ ስለሆነ ፈሳሹ ጨዋማ እየሆነ ይሄዳል፤ ረጅም ቀለበት ባላቸው ኔፍሮኖች ጫፍ ላይ እስከ 1200 ይደርሳል። ወጪው ክንድ ተቃራኒው ነው፤ ሶዲየም ይወጣል፣ ውኃ ግን ጠብታ አያልፍም። ፈሳሹ ቀጥኖ ወደ 100 ይወርዳል፤ የወጣው ጨው ደግሞ የኩላሊቱን ውስጠኛ ክፍል ጨዋማ ያደርገዋል። አንድ ወፍራም ቀስት የሳለ ተማሪ እዚህ ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስወጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ሽንት እንዴት እንደሚቀጥን ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ይህን በላሲክስ መፈተን ይቻላል። ፉሮሴማይድ የሚዘጋው የወጪውን ክንድ የሶዲየም ተሸካሚ ነው። «ውኃ በማያልፍበት ቦታ የሚሠራ መድኃኒት ለምን ያን ያህል ሽንት ያወርዳል?» ብላችሁ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጠይቁ። «ዳግም ምጠቱን ስለሚከለክል» ካላችሁ ቃሉን ሸምድዷል ማለት ነው። በሁለት ቀስት የሳለው ግን እየተከተለ ይሄዳል፦ የሶዲየም ምልሰት ሲቆም ጨው በቱቦው ይቀራል፤ ውስጠኛው ክፍልም ጨዋማነቱን ያጣል፤ ሰብሳቢ ቱቦ ላይ በሩ ቢከፈት እንኳ ውኃን የሚጠራ ጨው ስለሌለ ስርገት ይደክማል። ሽንቱም እንደ ልብ ሊወፍርም ሊቀጥንም ሳይችል ከደም ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ይወርዳል።

ሰብሳቢ ቱቦ ላይ ሁለቱ ቃላት መለየታቸው ደግሞ ሆርሞኖቹንም ያለያይልናል። አልዶስተሮን የምልሰት አዛዥ ነው፤ ኤዲኤች የስርገት በረኛ። ኤዲኤች ሲኖር አኳፖሪን የተባሉት የውኃ በሮች ይከፈታሉ፤ ከዚያ 18 እጅ፣ ማለትም በቀን 32 ሊትር ገደማ ከሆነው ውኃ፣ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል። ኤዲኤች ከጠፋ ከፊሉ ብቻ ይሰርግና ሰውየው በቀን እስከ 20 ሊትር ሊሸና ይችላል፤ ሶዲየሙ ግን በዚያው መጠን አብሮ አይጠፋም። «ምጠት ቀነሰ» የሚል ማስታወሻ ይህን ሊነግረን አይችልም፤ የማን ምጠት?

በምልሰት ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የፊልም ሰዎች ትረካ ወደ ኋላ ሲሄድ ይጠሩበታል የሚል ነው። ይጥሩበት። ሥርም ለቁጥርም ለተክልም ይሆናል፤ የእርሻ ባለሙያና የሂሳብ መምህር በእሱ ተጣልተው አያውቁም። ሌላው አማራጭ «መልሶ መምጠጥ» ነው፤ ከ«ዳግም ምጠት» ይሻላል፣ ምክንያቱም ቢያንስ «መልሶ» ትክክል ነው። ግን እውነተኛው ሥራ «መልሶ» ውስጥ ካለ «መምጠጥ» ምን ያደርግልናል? እንግሊዝኛውን እንዳለ «ሪአብዞርብ ይደረጋል» የሚሉትን አልወቅስም፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ሲገባቸው ግን በአማርኛ ነው የሚገባቸው፤ ለጓደኛቸውም ሲያስረዱ «ሶዲየሙ ይመለሳል፣ ውኃው ይከተለዋል» ይላሉ። ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ እያለ ሌላ መፍጠር ለምን አስፈለገ?

የክለሳ ሥዕል የምታዘጋጁ መምህራንና ተማሪዎች፣ «ዳግም ምጠት» የሚለውን ሰርዙና በአንዱ ወፍራም ቀስት ፈንታ ሁለት ቀስት አውጡ፦ አንዱን «ምልሰት»፣ ሌላውን «ስርገት» በሉት፤ በወራጁ ክንድ ላይ የምልሰቱን፣ በወጪው ክንድና በሩቅ ቱቦ ላይ የስርገቱን ቀስት ሙሉ በሙሉ ተዉት።