የ800 ሜትር ዝግጅት በ12 ሳምንት፦ ሁለተኛው ዙር ላይ እግር እንዳይከዳ

የትምህርት ቤት የ800 ሜትር ውድድር ያየ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም እንደ 100 ሜትር ተስፈንጥሮ ይወጣል። 500 ሜትር ላይ ሲመራ የነበረው ልጅ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ እርምጃው ያጥራል፣ መጨረሻው አካባቢ ከኋላ የነበሩት አንድ በአንድ ያልፉታል። ብዙዎች ይሄን የወኔ ማነስ ያደርጉታል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ 800 ሜትር ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉልበት የሚመጣው ሰውነት በትንፋሽ ከሚያስገባው ኦክስጅን ነው። ያንን ያላሠለጠነ ልጅ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሁለተኛው ዙር ላይ ይያዛል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጅማ መርካቶ አካባቢ የሚኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ 400 ሜትርን ለብቻው በ60 ሴኮንድ ይሮጣል እንበል፤ 800 ሜትርን ደግሞ በ2:20። የ400 ሰዓቱ በሁለት ሲባዛ 2:00 ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ 20 ሴኮንድ ሆነ ማለት ነው። በደንብ የሠለጠነ የ800 ሯጭ ላይ ይህ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ሴኮንድ ነው። ልጁ ፍጥነት አለው፣ የጎደለው ጽናት ነው። የ12 ሳምንት ግቡን 2:12 እናድርገው። ይሄ በ200 ሜትር 33 ሴኮንድ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር በዚህ በ33 ይለካል።

መጀመሪያ ግን 200 ሜትሩ እውነተኛ 200 መሆን አለበት። የስልክ ጂፒኤስ ለረጅም ሩጫ ጥሩ ነው፤ በአጭር ርቀት ግን በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል፣ ያኔ 33 የመሰላችሁ 35 ሊሆን ነው። ከመርካቶ ሲባጎ ግዙና በግንበኛ ሜትር 50 ሜትር ለክታችሁ ቁረጡ። የሚለጠጥ ናይለን ገመድ አይሆንም። ለጥ ያለ የአፈር መንገድ ላይ ወይም በኳስ ሜዳ ዳር አራት ጊዜ ዘርግታችሁ በድንጋይ ምልክት አድርጉ።

ከ1ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን መሠረቱ እሱ ነው። በሳምንት አምስት ቀን መሮጥ፤ አራቱን ቀን በዝግታ፣ ከ25 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ እያሉ እስከ 40 ደቂቃ። ዝግታ ማለት ከጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ መሮጥ ነው። ቃል በቃል የሚቆራረጥ ከሆነ ፈጥናችኋል። በአምስተኛው ቀን አጭር ዳገት 6 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 10 ሴኮንድ፣ መልሱ በእርምጃ። ጅማ ውስጥ ዳገት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። 4ኛው ሳምንት ላይ ሩጫው በሢሶ ይቀንስ።

ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሁለት ከባድ ቀን ይገባል፣ ማክሰኞና ዓርብ። ማክሰኞ 600 ሜትር 5 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 2:00 እስከ 2:05፣ በመካከል 2 ደቂቃ እረፍት። ዓርብ 200 ሜትር 8 ጊዜ፣ በ33፣ በመካከል 90 ሴኮንድ በእርምጃ። ዕቅዱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን 200 በ29 ይሮጠዋል፣ ጓደኞቹ ያጨበጭቡለታል፣ ስምንተኛው 36 ይሆናል። በዚያ ቀን የሠለጠነው መድከምን ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው በ2 ሴኮንድ ከበለጠ አጀማመሩ ስህተት ነበር፣ በሚቀጥለው ዓርብ የመጀመሪያውን በ34 ይጀምር። 8ኛው ሳምንት ላይ ሥራው ይቀንስና አንድ ፈተና ይኖራል፤ 600 ሜትር በ1:39። ካቃተው 2:12 ቀርቶ 2:15 ግብ ይሁን፣ ቁጥሮቹም አብረው ይቀየሩ።

ከ9ኛው እስከ 11ኛው ሥራው ውድድሩን ይመስላል። በ9ኛው 300 ሜትር ሁለት ሁለት እያደረጉ፣ በ49 ወይም 50 ሴኮንድ፣ በሁለቱ መካከል 1 ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ 6 ደቂቃ አርፎ ሌላ ሁለት። በ10ኛው 500 ሜትር በ82 ወይም 83፣ 5 ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ 300 ሜትር በ48። በ11ኛው 600 ሜትር በ1:39፣ 8 ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ 200 ሜትር ሁለት ጊዜ በ32። ይሄ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሁለተኛው ከባድ ቀን ቀለል ያለ የ600 ሥራ ይሁን፣ ሦስት በቂ ነው። ቀሪው ዝግታ ነው።

አሁን የቡና አገሩ ጉዳይ። ውድድሩ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ከዋለ ወደኋላ 12 ሳምንት ስትቆጥሩ የቡና ለቀማው መሃል ትገባላችሁ። አጋሮ፣ ጎማ፣ ሊሙ ያለ ተማሪ ቅዳሜና እሁድ ቆሞ ለቅሞ፣ ማታ ከረጢት ተሸክሞ ይመለሳል። ያ ቀን እንደ ልምምድ ቀን ይቆጠር። ማግስቱ የዝግታ ቀን ወይም እረፍት ነው፣ ማክሰኞ ያለው ሥራ ግን አይነካም። ለቀማ ላይ የዋለ እግር ላይ 200 በ33 መጫን ጉዳት መጥራት ነው።

ሌላው ከምግብ ጋር የሚጠጣው ቡና ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ሲጠጣ ሰውነት ከጤፍና ከሽሮ የሚያገኘውን አይረን እንዳይወስድ ያደርጋል። አይረን ያነሰው ሯጭ በዝግታ ሩጫ እንኳን ትንፋሽ ያጥረዋል። የወር አበባ የሚያዩ ሴት ተማሪዎች ላይ ይሄ ይበረታል። እናትየው ያፈላችውን ቡና እምቢ ማለት አያስፈልግም፤ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ነው። ማታ ላይ ያለው ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ቅልጥም ፊት ለፊት የሚሰማ ሕመም ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ ሩጫ መቀነስና ሣር ላይ መሮጥ ይበቃል። በጣት ሲነኩት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከወጋ፣ ወይም ማታ ተኝቶም ካመመ፣ አጥንቱ እየተሰነጠቀ ሊሆን ስለሚችል ሩጫ ይቁምና ሐኪም ይየው። ትኩሳት ካለም የወባ ምርመራ ይቀድማል፣ ልምምድ የለም።

12ኛው ሳምንት ላይ ማክሰኞ 200 ሜትር 3 ጊዜ በ33፣ በደንብ አርፎ። ሐሙስ 20 ደቂቃ ዝግታ። ዓርብ ምንም። ቅዳሜ ውድድር። ይሄን ሳምንት ብዙ ልጆች አያምኑትም፣ የቀነሱት ልምምድ ያስፈራቸዋል። በአምስት ቀን ግን አዲስ ጽናት አይገኝም፣ ድካም ብቻ ይገኛል።

ውድድሩ ላይ የመጀመሪያው ዙር 65፣ ሁለተኛው 67። ዴቪድ ሩዲሻ በፈረንጆቹ 2012 ለንደን ላይ 1:40.91 ሮጦ የዓለም ሪከርድ ሲሰብር የመጀመሪያው ዙር 49.28፣ ሁለተኛው 51.63 ነበር። እሱም ቢሆን ሁለተኛውን ዙር ቀንሷል፣ ግን በ2 ሴኮንድ ከትንሽ ብቻ። የአሰላው መሐመድ አማን ደግሞ በ2013 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በመጨረሻው ቀጥታ ሲመራ የነበረውን አሜሪካዊ ኒክ ሲመንድስን መድረሻው ጋ አልፎ ነው፣ በ1:43.31። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ የመጨረሻዎቹን 100 ሜትሮች እዩ፤ ትከሻው ዝቅ እንዳለ ነው።

ስለዚህ የእኛ ልጅ የመጀመሪያውን 200 በ32 ወይም በ33 ይለፍ፣ ሌሎች አምስት ሜትር ቢቀድሙትም። ከ200 እስከ 500 ዝም ብሎ ከፊቱ ያለውን ሰው ይከተል፤ በመታጠፊያ ላይ ለማለፍ አይሞክር፣ በውጪ በኩል ተጨማሪ ሜትር ያስሮጠዋል። 600 ላይ እግር ሲከብድ እርምጃ ማስረዘም ሳይሆን እጅን ቶሎ ቶሎ መወዝወዝ ነው ያለበት፣ እግር እጁን ይከተላል።