ለስልሳ አሥር ጉዳይ፦ የዮሩባ ቁጥሮችና የዛጎሉ ክምር

በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የሚኖር ዮሩባ ተናጋሪ 46 ለማለት «ሜሪንዲንላዶታ» ይላል። ቃሉ ረጅም ቢመስልም ሲበታተን ግልጽ ነው። «ሜሪን» አራት ነው፤ «ዲን» መጉደልን ያመለክታል፤ «አዶታ» ደግሞ 50 ነው። ስለዚህ 46 ማለት አራት የጎደለው ሃምሳ ማለት ነው። ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። «አዶታ» ራሱ ከሌላ ቁጥር ተቀንሶ የተገኘ ነው፤ አሥር የጎደለው «ኦጎታ» ማለት ነው። «ኦጎታ» 60 ሲሆን እሱም «ኦጉን» ከተባለው 20 እና «ኤታ» ከተባለው 3 የተሠራ ነው። እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ ሃያ በሦስት ተባዝቷል፣ ከዚያ ላይ አሥር ተነሥቷል፣ በመጨረሻም አራት ተነሥቷል።

የእኛ አርባ ስድስትም ከቁርጥራጭ የተሠራ ነው። አርባ ውስጥ አራት አለ፣ ሰባ ውስጥ ሰባት አለ፣ ዘጠና ውስጥ ዘጠኝ አለ። አሥሩ ሳይጠራ የአሥር ብዜት መሆኑ ይታወቃል፤ የቀረው መደመር ብቻ ነው። መቀነስ ግን በአማርኛ ቁጥር አጠራር ውስጥ ቦታ የለውም፣ ከአንድ ስፍራ በቀር። ሰዓት ስንናገር «ለሦስት አምስት ጉዳይ» እንላለን። የደረስንበትን ትተን የምንደርስበትን እንጠራለን፤ የቀረውንም እናነሣለታለን። ዮሩባ በየቀኑ ቆጠራው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ 50 ለእሱ «ለስልሳ አሥር ጉዳይ» ነው።

አሠራሩ ሥርዓት አለው። ከ11 እስከ 14 ያሉት ቁጥሮች እንደ እኛው በአሥር ላይ ይደመራሉ፤ 14 «ሜሪንላ» ሲባል አራትና አሥር ማለት ነው። 15 ላይ ሲደርስ ግን ቆጣሪው ፊቱን ወደ 20 ያዞራል። 15 አምስት የጎደለው ሃያ ነው፤ 16 አራት የጎደለው ሃያ፣ 19 ደግሞ አንድ የጎደለው ሃያ። ከ20 በኋላም ያው ነው፤ እስከ 24 ይደመራል፣ ከ25 ጀምሮ ከ30 ላይ ይቀነሳል። 30 የራሱ ስም ስላለው ከሃያ ጋር አይያያዝም። ከዚያ በላይ 40፣ 60፣ 80 እና 100 የሃያ ብዜቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያሉት 50፣ 70 እና 90 ደግሞ ከሚቀጥለው ብዜት አሥር እየተነሣላቸው ይጠራሉ። አንድ ሰው ከ1 እስከ 10 ያሉትን፣ 20ንና 30ን፣ እንዲሁም የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹን ካወቀ፣ እስከ መቶ ያለውን በአመዛኙ ራሱ መሥራት ይችላል።

ይህ ከየት መጣ? በዮሩባ አገር ይሠራ የነበረው አዶልፉስ ማን የተባለ ሚስዮናዊ በ1887 ባሳተመው ጽሑፍ መልሱን ከገበያ ላይ ፈልጎታል። ያኔ ገንዘቡ ዛጎል ነበር። ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ በተለይ ከማልዲቭ፣ በመርከብ እየተጫነ ምዕራብ አፍሪካ የሚደርስ ትንሽ ነጭ ዛጎል። ሚስዮናዊው እንደገለጸው፣ አንድ ከረጢት ዛጎል መሬት ላይ ይዘረገፋል፤ ቆጣሪው አጠገቡ ይንበረከካል ወይም ይቀመጣል፤ ከዚያ አምስት አምስት እያደረገ ይስባል። የሚቆጥረው ዛጎሉን ሳይሆን አምስቶቹን ነው። ሃያ ጊዜ ሲስብ 100 ሞላ፤ ሌላ 100 ይደግምና ሁለቱን ክምር ይቀላቅላቸዋል። ያ 200 ነው፤ እንዲህ እየጠራረገ ይቀጥላል።

የቁጥሮቹን ስም ከዚህ ሥራ አጠገብ ስናስቀምጠው ብዙው ቦታ ቦታውን ይይዛል። 100 «ኦጎሩን» ነው፤ ሃያ በአምስት። 200 የራሱ ስም አለው፣ «ኢግባ» ይባላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆጠራ ደግሞ ከሃያ ወደዚህ ወደ ሁለት መቶው ይሸጋገራል። 600 ሦስት ሁለት መቶ ነው፤ 1,000 አምስት ሁለት መቶ ነው። 500 ደግሞ መቶ የጎደለው 600 ነው። በእጁ ክምር እየሠራ የሚቆጥር ሰው ዐይኑ የሚያርፈው ሊሞላ በተቃረበው ክምር ላይ ስለሆነ፣ የጎደለውን መጥራቱ ይቀለዋል ብሎ ማሰብ ከባድ አይደለም።

ሆኖም የአዶልፉስ ማን ማብራሪያ ሁሉን አይሸፍንም ብዬ አምናለሁ። የዮሩባዎች ጎረቤቶች የሆኑት ኢግቦዎችም ዛጎል ይቆጥሩ ነበር፤ በጥንቱ አቆጣጠራቸውም መሠረቱ ሃያ ነው። እነሱ ግን ይደምራሉ፤ 30 ለማለት ሃያና አሥር ይላሉ። ገንዘቡ አንድ ሆኖ አጠራሩ ከተለያየ፣ መቀነሱን ዛጎል ብቻውን ወለደው ማለት አይቻልም። ሃያ ራሱም ቢሆን ዛጎል አያስፈልገውም። ፈረንሳዮች 80ን «አራት ሃያ» የሚሉት፣ የመካከለኛው አሜሪካ ማያዎችም በሃያ የቆጠሩት ያለ ዛጎል ገንዘብ ነው፤ የእጅና የእግር ጣት ለማንም በቂ ነው። ዛጎሉ ያደረገው፣ ለትልልቆቹ ቁጥሮች ዕለት ተዕለት ሥራ መስጠትና ሁለት መቶን የመሰለ ምሰሶ ማቆም ይመስለኛል።

የዚህ አቆጣጠር ችግር የሚጀምረው ቁጥር በወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። «ሜሪንዲንላዶታ» ሲባል መጀመሪያ የሚሰማው አራት ነው። ጸሐፊው አራትን ሰምቶ ምንም መጻፍ አይችልም፤ መጨረሻ ላይ ያለውን 50 እስኪሰማ መጠበቅ አለበት። ያኔም 46 ብሎ ሲጽፍ የሰማው አራት ከጻፈው አራት ጋር አይገናኝም። በጽሑፉ ያለው 4 አራት አሥሮች ናቸው፤ በንግግሩ ያለው አራት የተነሣው ነው። በመሐል ያለችውን «ዲን» ያልሰማ ወይም «ሌ» ከምትባለው የመደመር ምልክት ጋር ያምታታ ሰው፣ 46 የተባለውን 54 ብሎ ይጽፈዋል፤ ስምንት ያህል ይስታል። በትምህርት ቤት ሒሳብን በእንግሊዝኛ ቁጥር የተማረ የከተማ ልጅ ከፍ ያሉትን ቁጥሮች በእንግሊዝኛ መጥራት የሚቀለውም ስለዚህ ነው። ልጁ የሚታገለው ከሒሳቡ ጋር ሳይሆን፣ አንዱ በአሥር ሌላው በሃያ ከተሠሩ ሁለት አቆጣጠሮች ጋር ነው።

ትልልቆቹ የገንዘብ መጠኖች ደግሞ ሌላ ስም ነበራቸው። በዮሩባ ገበያ 40 ዛጎል በአንድ ክር ይሰካ ነበር፤ 50 ክር አንድ «ራስ» ይባል ነበር፣ 2,000 ዛጎል መሆኑ ነው። አሥር ራስ አንድ ከረጢት ይሞላ ነበር፣ 20,000። ከማልዲቭ ይመጣ የነበረው ትንሹ ዛጎል አንዱ ከአንድ ግራም ብዙም ስለማይበልጥ፣ ከረጢቱ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አንድ ሰው ተሸክሞት ሊሄድ የሚችለው ያህል ነው። ከረጢት በዮሩባ «ኦኬ» ነው። ቃሉም ከዕቃው አልፎ የቁጥር ስም ሆነ፤ «ኦኬ ካን»፣ አንድ ከረጢት፣ 20,000 ማለት ነው።

ዛጎሉ በቅኝ ግዛት ዘመን ለሽልንግና ለፔኒ ቦታውን ለቀቀ፤ ዛሬ ገንዘቡ ናይራ ነው። ቢሆንም ዮሩባ የሚጽፍ ሰው አንድ ሚሊዮንን በራሱ ቋንቋ ሊጠራው ሲሻ «አዶታ ኦኬ» ይላል፣ ሃምሳ ከረጢት። ሃምሳ ጊዜ 20,000 ልክ አንድ ሚሊዮን ይሆናል፤ ሃምሳውም አሥር የጎደለው ሦስት ሃያ ነው።