የHYPERLINK ፎርሙላ (ኤክሴል)

HYPERLINK በማይክሮሶፍት ኤክሴል ውስጥ አንድን ሴል ወደ ሌላ ሺት፣ ሴል፣ ፋይል ወይም ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ የሚያደርግ ፎርሙላ ነው። ሁለት ነገሮችን ይቀበላል፤ የመጀመሪያው የመድረሻው አድራሻ ሲሆን ሁለተኛው በሴሉ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ነው። ወደ አንድ ቋሚ ቦታ ብቻ ለመሄድ Ctrl+K ተጭኖ መድረሻውን መምረጥ ይበቃል። ፎርሙላው በዋናነት የሚያስፈልገው አድራሻው ከሌሎች ሴሎች ይዘት ተገጣጥሞ ሲሠራ ነው።

ለምሳሌ የአንድ ሱቅ የሽያጭ መዝገብ ለየወሩ አንድ ሺት አለው እንበል። ማውጫ በሚባለው ሺት ላይ A2 «መስከረም 2017» የሚለውን የሺት ስም፣ B2 ደግሞ 1045 የሚለውን የደረሰኝ ቁጥር ይዟል። በC2 ላይ የሚከተለው ይጻፋል፦

```
=HYPERLINK("#'"&A2&"'!A"&MATCH(B2,INDIRECT("'"&A2&"'!A:A"),0),"ክፈት")
```

MATCH በወሩ ሺት A ዓምድ ላይ ደረሰኙን ፈልጎ የረድፉን ቁጥር ይመልሳል። INDIRECT ደግሞ በጽሑፍ የተገጣጠመውን የሺት ስም ወደ እውነተኛ ሺት ይለውጥለታል። ደረሰኙ 38ኛው ረድፍ ላይ ከተገኘ አድራሻው ይህን ይመስላል፦

```
#'መስከረም 2017'!A38
```

መጀመሪያ ላይ ያለው # መድረሻው እዚያው ፋይል ውስጥ መሆኑን ይናገራል። እሱ ከተረሳ ኤክሴል አድራሻውን እንደ ሌላ ፋይል ስም ቆጥሮ ሊከፍተው ይሞክራል፤ ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም የሚል መልእክትም ያመጣል። ነጠላ ጥቅሶቹ በስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ስላለ የግድ ናቸው፤ ባዶ ቦታ በሌለው ስም ላይም ስለማይጎዱ ሁልጊዜ ማድረጉ ይመረጣል።

ሴሉ #N/A ካሳየ ቁጥሩ በዚያ ወር አልተመዘገበም፣ አለዚያም በአንዱ ሺት እንደ ቁጥር በሌላው እንደ ጽሑፍ ተቀምጧል። #REF! ከመጣ ግን ጥርጣሬው በሺቱ ስም ላይ ይሁን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በስሙ መጨረሻ ላይ የቀረች፣ በዓይን የማትታይ ባዶ ቦታ ናት።

የዚህ አሠራር ትልቁ ድክመት ከጽሑፍነቱ ይመጣል። የሺቱ ስም ሲቀየር A2 አብሮ አይቀየርም፤ በእጅ መታረም አለበት። መድረሻው አንድና ቋሚ ከሆነ የሺቱን ስም በጥቅስ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ ሴሉን በቀጥታ መጥቀስ ይሻላል፦

```
=HYPERLINK("#"&CELL("address",'መስከረም 2017'!A1),"መስከረም")
```

እዚህ ላይ የሺቱ ስም የፎርሙላው እውነተኛ ማጣቀሻ ስለሆነ፣ ስሙ ሲቀየር ወይም ከበላዩ ረድፍ ሲገባ ኤክሴል ራሱ ያስተካክለዋል። ሊንኩን ሳይከፍቱ ሴሉን ብቻ ለመምረጥ፣ ጠቋሚው ወደ መስቀል እስኪለወጥ ድረስ ማውሱን ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል።